ያለ ማዘዣ የተከፈተ በር፦ ብርበራ፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ እና በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ዕጣ

አንድ ሱቅ ሦስት ላፕቶፖች ተሰርቀውበታል እንበል። ባለንብረቱ ለፖሊስ አመለከተ፤ መርማሪው የተሰረቁት ዕቃዎች በአንድ ግለሰብ መኖሪያ ቤት እንደሚገኙ ጥቆማ ደረሰው፤ ለፍርድ ቤት አመልክቶም ሦስቱን ላፕቶፖች ፈልጎ እንዲይዝ የሚፈቅድ የብርበራ ማዘዣ አወጣ። ወደ ቤቱ የደረሰው ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። በብርበራው አንዱን ላፕቶፕ ከአልጋ ሥር አገኘ። ቀጥሎም የጠረጴዛ መሳቢያ ከፍቶ፣ በውስጡ የነበረውን የታሸገ ፖስታ ቀድዶ፣ ሐሰተኛ የሚመስል የመሥሪያ ቤት ማኅተም አወጣ። ሁለቱንም በኤግዚቢትነት ይዞ ሄደ። በዝርዝሩ ላይ የፈረሙት ሁለት የፖሊስ አባላት ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቶች ግን በየቤታቸው ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ የተሰረቀ ዕቃ በመሸሸግ እና በማኅተሙ ምክንያት ሁለት ክሶች መሠረተ።

ይህ ለማብራሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ብርበራ የሚለውንም ዝም ያለበትንም ጎልቶ ያሳያል።

መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነው። አንቀጹ ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በይዞታው ያለ ንብረትም ከመያዝ የሚጠበቅበትን መብት ያረጋግጣል። መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም። ሊገደብ የሚችለው ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ እንደ ወንጀል መከላከልና የሕዝብ ሰላም ያሉ ዓላማዎችን መሠረት ባደረገ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ብርበራን በሚመለከት ይህን ዝርዝር ሕግ የምናገኘው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ላይ ነው።

በአንቀጽ 32 መሠረት ፖሊስ የብርበራ ማዘዣ ሳይዝ ቤት መበርበር አይችልም። ከዚህ ደንብ ውጭ የተፈቀዱት ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ወንጀል ፈጻሚው በክትትል ላይ እያለ ወደ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ በቤቱ ውስጥ ሲያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው በተግባር ይበልጥ የሚያከራክር ሲሆን በርካታ ቅድመ ሁኔታዎች በአንድነት መሟላታቸውን ይጠይቃል። ወንጀሉን በሚመለከት ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ መሆን አለበት፤ ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት፤ ለማስረጃ የሚረዳ ዕቃ በስፍራው መኖሩን የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት መኖር አለበት፤ በመጨረሻም ማዘዣ እስኪወጣ ድረስ ዕቃው ሊወሰድ እንደሚችል ለማመን የሚያበቃ ጥሩ ምክንያት ሊኖር ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ፖሊስ ወደ ማዘዣው መመለስ ግዴታው ነው። ጥርጣሬው የጠነከረ መሆኑ ብቻውን ጥድፊያን አይተካም።

ማዘዣው የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት ከፖሊስ የበለጠ ስለ ወንጀል ስለሚያውቅ አይደለም። መርማሪው በሥራው ባሕርይ ፍለጋው ሊያስገኝ የሚችለውን ውጤት ይመለከታል። ዳኛው ግን ከፍለጋው ውጤት ጋር ጥቅም የማያገናኘው ሦስተኛ ወገን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኛው የሚመዝነው ብርበራው ከመደረጉ በፊት ነው። ዕቃው ከተገኘ በኋላ ጥርጣሬውን ትክክለኛ አስመስሎ ማቅረብ ለማንም ቀላል ነው፤ ምክንያቱን አስቀድሞ መናገር ግን መርማሪውን በወቅቱ በሚያውቀው ነገር ላይ ብቻ ያቆመዋል። በዚህም ምክንያት አንቀጽ 33 ፍርድ ቤቱ ማዘዣው ለፍትሕ ወይም ለምርመራው ጠቃሚ መሆኑን ሳያምን እንዳይሰጥ ያዛል።

አንቀጽ 33 ለማዘዣው ወሰን ያበጅለታል። ማዘዣው የሚፈለገውንና የሚያዘውን ዕቃ ለይቶ መግለጽ አለበት፤ ፖሊስም በማዘዣው ከተገለጸው ውጭ ሌላ ንብረት መያዝ አይችልም። የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ የሆነ ሰው አይቶት ሊፈርምበት ይገባል፤ በልማድ የደረጃ ምስክር የሚባለው ይህ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀርም ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ላፕቶፑ በማዘዣው ከተዘረዘሩት አንዱ ስለሆነ በወሰን ረገድ ጥያቄ አይነሳበትም፤ ጉድለቱ የሰዓቱ ነው። ማዘዣው የሌሊት ብርበራ ስላልፈቀደ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተደረገው መግባት ሕጉን ይጥሳል። ማኅተሙ ደግሞ በማዘዣው ውስጥ ፈጽሞ የለም። ከዚህም አልፎ ላፕቶፕ በፖስታ ውስጥ ሊደበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ፖስታው በተቀደደበት ቅጽበት ፍለጋው የማዘዣውን ዓላማ ትቶ ሌላ መንገድ ይዟል። ዐቃቤ ሕግ ያለ ማዘዣ መበርበር የሚፈቀድበትን ሁለተኛውን ልዩ ሁኔታ ሊጠቅስ አይችልም፤ ማኅተሙን በሚመለከት ቀድሞ የቀረበ ክስም አቤቱታም አልነበረምና። መርማሪው ማኅተሙን በሌላ ሕጋዊ መንገድ ጠርጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚጠበቅበት ተጨማሪ ማዘዣ መጠየቅ ነበር። የደረጃ ምስክር አለመኖሩ ግን የተለየ ችግር ያስከትላል። ተከሳሹ ዕቃው ከቤቱ አልወጣም ብሎ ቢክድ፣ ከፖሊሶቹ ቃል በቀር የሚያረጋግጥለት የለም። ይህ ከሕጋዊነቱ ይልቅ የማስረጃውን ተአማኒነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ልዩነት መያዝ ለቀጣዩ ጥያቄ ወሳኝ ነው። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል የማይታመነው፣ የተሰቃየ ሰው ያላደረገውንም ሊናገር ስለሚችል ጭምር ነው። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማኅተም ግን በሕጋዊ መንገድ ቢገኝም ያው ማኅተም ነው። ታዲያ እውነተኛነቱ ያልተጠረጠረ ማስረጃ ስለ ምን ከችሎት ይወጣል?

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 እና 33 ፖሊስ ማድረግ የሌለበትን ይዘረዝራሉ፤ የተጣሰ ሲሆን ማስረጃው ምን እንደሚሆን ግን አይናገሩም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 26 ተመሳሳይ ቃል አላስቀመጠም። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ክርክሮች ይወለዳሉ። አንደኛው ወገን፣ ሕግ አውጪው ማግለልን ሲፈልግ በግልጽ ጽፎታል፤ ባልጻፈበት ቦታ ማስረጃው አግባብነት እስካለው ድረስ ሊቀበሉት ይገባል፤ ጥፋተኛው ፖሊስ ደግሞ በዲሲፕሊን፣ በወንጀልና በካሳ ይጠየቅ ይላል። ሌላው ወገን አንቀጽ 9 እና 13ን ይጠቅሳል። የሕግ አስፈጻሚው ብቻ ሳይሆን ዳኝነቱም መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት አለበት፤ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን አሠራርም ተፈጻሚነት የለውም። ፍርድ ቤት በተጣሰ መብት የተገኘን ዕቃ ለቅጣት መሠረት ሲያደርግ ጥሰቱን በሌላ እጅ ያጠናቅቀዋል ይላል።

በአሜሪካ ይኸው ክርክር ረጅም ጉዞ ተጉዟል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1914 በዊክስ ጉዳይ፣ የፌዴራል ባለሥልጣናት በሕገ ወጥ ብርበራ ያገኙት ማስረጃ በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ወሰነ። ክልከላው በክፍለ ግዛቶች ፖሊስ ላይ አልደረሰም ነበር። በ1957 በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች በቦምብ ፍንዳታ የሚፈለግ ሰው ተደብቋል በሚል ወደ ዶልሪ ማፕ ቤት ሄዱ። ማፕ ጠበቃዋን አማክራ ያለ ማዘዣ አላስገባም አለች። ከሰዓታት በኋላ ፖሊሶቹ በኃይል ገብተው ማዘዣ ነው ያሉትን ወረቀት አሳዩ፤ ቤቱን ሁሉ በረበሩ፤ በመጨረሻም ከፍንዳታው ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ ጸያፍ የተባሉ ጽሑፎችን አገኙ። የተቀጣችውም በእነዚሁ ነው። በችሎት ማዘዣ አልቀረበም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 ቅጣቱን ሽሮ የማግለሉን ደንብ በክፍለ ግዛቶችም ላይ ተፈጻሚ አደረገ። የኢትዮጵያ የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው ከዚህ ውሳኔ ጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ልብ ይሏል።

የማፕ ውሳኔ በሁለት ምክንያቶች ላይ ቆሟል። አንዱ የፍርድ ቤት ንጽሕና ነው፤ ሕግ የሚያስከብር ተቋም ሕግ በመጣስ ከተገኘ ነገር ሊጠቀም አይገባም። ሌላው መግታት ነው፤ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ያገኘው ነገር ለክስ እንደማይጠቅም ካወቀ በሩን የሚሰብርበት ምክንያት ይቀንሳል። የዲሲፕሊንና የካሳ መፍትሔዎች በቂ አለመሆናቸውም ታይቷል። ቤቱ የተበረበረ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ተከሳሽ ነው፤ ከሳሽ ሆኖ ፖሊስን የሚሞግትበት አቅምም ሆነ ተሰሚነት አይኖረውም።

ደንቡ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጥፋተኛ የሆነ ሰው ነጻ ሊወጣ ይችላል፤ ዋጋውንም በከፊል የሚከፍለው በፖሊሱ ስህተት እጁ የሌለበት የወንጀል ሰለባ ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1984 በሊዮን ጉዳይ ደንቡን ያጠበበው በዚህ ምክንያት ነው። ፖሊስ ዳኛ በሰጠው ማዘዣ ላይ በቅን ልቦና ተማምኖ ከሠራ፣ ማዘዣው በኋላ በቂ ምክንያት እንዳልነበረው ቢረጋገጥም ማስረጃው አይገለልም፤ የሚገታ ጥፋት አልነበረምና። ደቡብ አፍሪካ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 35(5) ሌላ መንገድ መርጣለች። መብት በመጣስ የተገኘ ማስረጃ የሚገለለው፣ መቀበሉ ችሎቱን ፍትሐዊ የማያደርግ ወይም የፍትሕ አስተዳደሩን የሚጎዳ ሲሆን ነው። ማግለሉ እዚህ ላይ በራሱ አይመጣም፤ በሚዛን ይወሰናል።

ምሳሌው በዚህ ሚዛን ቢታይ ሁለቱ ዕቃዎች ይለያያሉ። ላፕቶፑን በሚመለከት ዳኛ አስቀድሞ መዝኖ ፈቅዷል፤ ጥሰቱ የሰዓት ነው፤ ፖሊሱ እስከ ጠዋት ቢጠብቅ በዚያው ማዘዣ ቤቱን መበርበር ይችል ነበር። የሌሊት ክልከላው የቤተሰብን ሰላም ስለሚጠብቅ ጥሰቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዳኛው ማስረጃውን ተቀብሎ ፖሊሱ እንዲጠየቅ ቢያደርግ ምክንያት አያጣም፤ የደረጃ ምስክር አለመኖሩንም በማስረጃው ክብደት ላይ ያየዋል። ማኅተሙን በሚመለከት ግን ማንም ዳኛ አስቀድሞ አልመዘነም፤ የሕጉ ግልጽ ክልከላም ተጥሷል። ይህን መቀበል ማለት ለሦስት ላፕቶፕ የወጣ ማዘዣ የቤቱን መሳቢያ ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሕጉ ዝም ባለበት በዚህ ቦታ የተከሳሽ ጠበቃ ማስረጃው እንዲገለል የሚያቀርበው መቃወሚያ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ቢቆም ይጠነክራል፦ ዳኛ አስቀድሞ የፈቀደው ምን ነበር? ፖሊስ ከተፈቀደው የወጣው የትኛው ቅጽበት ላይ ነው? ዕቃውስ ያለዚያ ጥሰት ይገኝ ነበር? ሦስቱም መልስ የሚያገኙት ከማዘዣው ጽሑፍ፣ ከብርበራው ሰዓትና ከተፈረመበት ዝርዝር ነው። ስለዚህ የማስረጃው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ክሱ በችሎት ሲሰማ ሳይሆን መርማሪው በሩ ደጃፍ ላይ በቆመበት ሰዓት ነው።