ስህተቱ የት ድረስ ሊሄድ ይችላል?

የ100፣ የ121 እና የ144 ስኩዌር ሩት 10፣ 11 እና 12 ነው። የ115ስ? ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰው በሚታወቁት ቁጥሮች ላይ የሚያልፍ ፖሊኖሚያል ሠርቶ፣ በመሃል ያለውን ከእሱ በማንበብ ነበር። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው ፕሪንኪፒያ ውስጥ መንገዱን አሳይቷል።

ሥራው ከመቀነስና ከማካፈል አያልፍም። ከ100 እስከ 121 ያለው ርቀት 21 ሲሆን ሩቱ የጨመረው በ1 ነው፤ 1 ለ21 ሲካፈል 0.047619 ይሆናል። ከ121 እስከ 144 ደግሞ 1 ለ23፣ ማለትም 0.043478 ነው። ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀንሰን ከ100 እስከ 144 ላለው ርቀት፣ ለ44፣ ስናካፍል −0.0000941 እናገኛለን። የተካፈሉ ልዩነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ፖሊኖሚያሉም ከእነሱ ይገነባል፦

P(x) = 10 + 0.047619(x−100) − 0.0000941(x−100)(x−121)

በ115 ላይ 10.7228 ይሰጣል። የዚህ አሠራር ውበቱ፣ 169ን ከሩቱ ከ13 ጋር አራተኛ ነጥብ አድርገን ብንጨምር የተሠራው አይፈርስም፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ይቀጠልበትና መልሱ 10.7236 ይሆናል።

ግን ትክክለኛውን መልስ የማያውቅ ሰው በ10.7228 ምን ያህል ይተማመን? የስህተቱ ቀመር ሁለት ነገሮችን ያባዛል። አንደኛው ቁጥራችን ከሦስቱ ነጥቦች ያለው ርቀት ብዜት ነው፤ ለ115፣ 15 × 6 × 29 = 2610። ሁለተኛው የስኩዌር ሩት ሦስተኛ ደሪቬቲቭ ለ6 ተካፍሎ ነው። ደሪቬቲቩ የሚወሰድበትን ቦታ በትክክል አናውቅም፤ ስለዚህ በክልሉ ውስጥ ትልቁን እንይዛለን። ትልቅ የሚሆነው በ100 ላይ ሲሆን ዋጋው 0.00000375 ነው። ሲባዛ 0.00163 ይመጣል። እውነተኛው ሩት 10.7238 ስለሆነ የተፈጠረው ስህተት 0.00105 ገደማ ነው፤ ከወሰኑ አላለፈም።

ለ115 ብቻ ሳይሆን ከ100 እስከ 144 ላለው ቁጥር ሁሉ ዋስትና ከፈለግን የርቀቶቹ ብዜት ከፍተኛ የሚሆንበትን መፈለግ ነው። እሱም 134.4 አካባቢ ሲሆን ብዜቱ 4425 ይደርሳል፤ ስህተቱ በክልሉ ውስጥ የትም ከ0.0028 አይበልጥም ማለት ነው።

ከክልሉ ስንወጣ ነገሩ ይበላሻል። ያው የሦስት ነጥብ ፖሊኖሚያል የ0ን ሩት 4.1 ነው ይላል! ወደ 0 ስንጠጋ ደሪቬቲቩ ያለ ገደብ ስለሚያድግ ቀመሩም የሚያስጨብጠው ወሰን የለውም። ነጥብ መጨመርም አያስወግደውም። የ1.15ን ሩት የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን በ100 አባዝቶ ወደ 115 ያመጣዋል፣ የተገኘውንም ለ10 ያካፍላል፤ ስህተቱም አብሮ ለ10 ይካፈላል።