ለመንጃ ፈቃድ ተማሪ ጓደኞቼ፦ የማጠቃለያው አጠቃቀም

ለቲዎሪ ፈተናው ያዘጋጀሁት ማጠቃለያ ይኸውላችሁ። ዱባይም፣ ሻርጃም፣ አጅማንም የምትማሩት ብዙዎቻችሁ ከሥራ መልስ መጽሐፉን ገልጣችሁ ሁለት ገጽ ሳትገፉ እንቅልፍ እንደሚጥላችሁ ስለማውቅ፣ ዋና ዋናውን በአማርኛ አሳጥሬዋለሁ። በስልክ ስለሚከፈት ከአጅማን በአውቶቡስ የምትመላለሱት መንገድ ላይም ልታዩት ትችላላችሁ። ግን እባካችሁ እንደ ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች አታንብቡት።

እያንዳንዱ ገጽ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ አለ። ቀኙን በወረቀት ወይም በመዳፋችሁ ሸፍኑና መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ግለጡት። ሳታዩ ካልመለሳችሁ ከጥያቄው አጠገብ ነጥብ አድርጉ። መልሱን ካያችሁ በኋላ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ያላችሁትም እንዳልተመለሰ ይቆጠር። ፈተናው ላይ የተቀራረቡ አማራጮች ሲደረደሩ የሚያደናግረን ስናየው ብቻ የምናውቀው መልስ ነው። በማግስቱ ነጥብ ያለባቸውን ብቻ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሁሉንም እንደገና ሞክሩ።

ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች እንዲያጠኑ አደረጉ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ከሌላው ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በልጦ 81 በመቶ ደረሰ፤ የጻፉት 75 ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረደ፤ በማስታወስ የጻፉት 56 ላይ ቀረ። የእኛ ፈተና ደግሞ አጥንተን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩትን የጥቁር ነጥብ ገጽ እንውሰድ። ቁጥሮቹን እንደ ስልክ ቁጥር አትሸምድዱ፤ 24 ከሚለው ጀምሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ 24 ጥቁር ነጥብ የሞላበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይያዛል። ቀይ መብራት መጣስ 1,000 ድርሃምና 12 ነጥብ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ የጣሰ ሰው ሞልቶበታል ማለት ነው። የቆመ የተማሪዎች አውቶቡስ የ«ቁም» ምልክቱን ዘርግቶ እያለ ማለፍ 1,000 ድርሃምና 10 ነጥብ ነው። እየነዱ ስልክ መያዝ 800 ድርሃምና 4 ነጥብ፣ የደህንነት ቀበቶ አለማሰር 400 ድርሃምና 4 ነጥብ ናቸው። አሁን ሸፍኑትና ራሳችሁን ጠይቁ፦ አንድ ሹፌር ቀይ መብራት ጥሶ፣ ሌላ ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ አልፎ፣ በሦስተኛው ስልክ ቢያዝበት ምን ይሆናል? 12፣ 10 እና 4 ሲደመሩ 26 ስለሚሆኑ ፈቃዱ ይያዛል። ይህን ራሳችሁ የደመራችሁት ሰዎች አራቱንም ቁጥሮች በቀላሉ አትረሷቸውም።

ከአማርኛው ጎን ኢሻራ፣ ዱዋር፣ ሱርዓ የሚሉትን ቃላት እንደሚነገሩ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ፤ በዐረብኛ የምትፈተኑ አላችሁና። በእንግሊዝኛ የምትፈተኑ የራሳችሁን ቃል አጠገቡ ጨምሩ። አማርኛው ነገሩን እንድትረዱት ነው እንጂ፣ የመለማመጃ ጥያቄዎችን መሥራት ያለባችሁ በምትፈተኑበት ቋንቋ ነው።

ማጠቃለያው የማይሸፍነው ነገር አለ። የመንገድ ምልክቶቹ ሥዕል የለበትም፤ እነሱን ከመጽሐፉ ላይ በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ፤ በቃል ሲገለጹ ይመሳሰላሉና። ሰዎች መንገድ ላይ የሚነግሯችሁንም አላስገባሁም። ዱባይ ውስጥ ራዳር የሚያነሳው ከገደቡ 20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲታለፍ እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አቡ ዳቢ ግን ይህን ትርፍ በ2018 አንሥታለች። ፈተናው ላይ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ 100 ከተባለ 100 ነው።

በየቡድኑ የሚዞሩ የድሮ ፋይሎችንም አታምኑ። አዲሱ የፌዴራል የትራፊክ ሕግ ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ለመኪና መንጃ ፈቃድ ዝቅተኛውን ዕድሜም ከ18 ወደ 17 አውርዶታል። ስለዚህ 18 የሚል ፋይል ካገኛችሁ ቀሪውም አርጅቶ ሊሆን ይችላል። በእኔው ማጠቃለያ ላይም ከመጽሐፋችሁ የሚለይ ነገር ካያችሁ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አርሜ ለሁሉም መልሼ እልከዋለሁ።