«ፒ.ኤል.ሲ.» በእንግሊዝ አገርና በእኛ ዘንድ

እኔ በደጀን ከተማ የአንድ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ከኩባንያ ስም ቀጥለው የሚጻፉትን አጫጭር ፊደሎች ልብ ብዬ መመርመር የጀመርሁት፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደረሰብን ጉዳት ምክንያት ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ገዥ 100 ኩንታል ነጭ ጤፍ በዱቤ እንድንልክለት ጻፈልን። በደብዳቤው ራስ ላይ ከስሙ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ «ፒ.ኤል.ሲ.» ተብሏል። አሠሪዬ ትርጓሜውን ቢጠይቁኝ፥ መዝገበ ቃላት ተመልክቼ «አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ ማለት ነው» አልኋቸው። ጤፉም ተጫነ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ስለ እንግሊዝ አገር ነበር። በዚያ ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ፥ ዋና ገንዘቡም ከ50,000 ፓውንድ የማያንስ ኩባንያ ነው፤ ትንሹና የግል የሆነው ኤል.ቲ.ዲ. ይባላል። በእኛ አገር ግን የመጀመሪያው ፊደል «የግል» ማለት ነው። ይኸውም በአማርኛ ኃ.የተ.የግ.ማ. እያልን የምንጽፈው፥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። እንግዲህ የእኛ ፒ.ኤል.ሲ. የእንግሊዞቹ ኤል.ቲ.ዲ. ወንድም ሲሆን፥ የእነርሱን ፒ.ኤል.ሲ. የሚመስለው የእኛ አክሲዮን ማኅበር ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፥ የግል ማኅበር ከ2 እስከ 50 በሚደርሱ አባሎች በ15,000 ብር ይቋቋም ነበር፤ የ2013 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁመው ፈቅዷል። አክሲዮን ማኅበር ግን ቢያንስ 5 አባሎች ይሻል።

«የተወሰነ» የተባለው የማኅበሩ ኃላፊነት ሳይሆን የአባሎቹ ነው። ማኅበሩ ባለው ንብረት ሁሉ ዕዳውን ይከፍላል፤ አባሎቹ ግን ካዋጡት በቀር አይጠየቁም። ገዥያችን ከ800,000 ብር 200,000 ከፍሎ ዝም ባለ ጊዜ ብንመረምር፥ የተመዘገበው ዋና ገንዘብ 15,000 ብር፥ መጋዘኑ የኪራይ፥ የጭነት መኪናውም በሥራ አስኪያጁ በራሱ ስም የተመዘገበ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን 600,000 ብር ከምን ላይ እናስፈርድ?

ዛሬ ዱቤ ለሚጠይቅ ማኅበር አስቀድመን የንግድ ምዝገባውን ቅጂ እናስመጣለን፤ ሙሉ ስሙንም በአማርኛው እናነባለን። ዋና ገንዘቡ በምዝገባ የተጻፈ እንጂ ዛሬ በሣጥኑ ያለ ስላልሆነ፥ በዚህ ብቻ አንረካም፤ ባለቤቱ በግሉ ዋስ እንዲሆን እንጠይቃለን። ዋስትናውም በጽሑፍ ሆኖ ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተገለጸበት፥ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ዋጋ የለውም። «ለሚኖርበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት መልካም ቢመስልም አያስከፍልም።

በዚያው ወር አንድ የብቸና ነጋዴ 10 ኩንታል በዱቤ ቢጠይቁን፥ ከስማቸው በኋላ ምንም ፊደል የለም ብለን ከልክለናቸው ነበር። እርሳቸው ግን በራሳቸው ስም የሚነግዱ ስለ ሆኑ፥ ለዕዳቸው በቤታቸውም በከብታቸውም ይጠየቁ ነበር።