ለደንበኛው በሥራ፣ ለራስ በሰዓት

ግራፊክ ዲዛይን ጀምረው ብቻቸውን የሚሠሩ ወጣቶች ዘወትር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በሰዓት ነው የማስከፍለው ወይስ በሥራው?» መልሴ አጭር ነው። ለደንበኛው በሥራው ንገሩት፤ እናንተ ግን በሰዓት አስሉት። ሰዓቱን ለደንበኛው የምታወጡለት የሥራው ወሰን በማይታወቅበት ጊዜ ብቻ ነው።

ምክንያቱን በቅርቡ አንዲት ጀማሪ ባለሙያ ይዛ በመጣችው ሥራ ላሳያችሁ። የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ስምንት ገጽ ሜኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንድታዘጋጅለት ፈልጓል። እሷ «ጋሼ፣ በሰዓት 400 ብር ነው የማስከፍለው» ስትለው፣ «ልጄ፣ ሰዓትሽን እኔ በምን እቆጥረዋለሁ? ጠቅላላውን ንገሪኝ» አላት። ሰውየው ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ሱፍ የሚያሰፋ ሰው የሚጠይቀው የሱፉን ዋጋ እንጂ መርፌው የሠራበትን ሰዓት አይደለም። እንደ አፕወርክ ባሉ የውጭ የሥራ መድረኮች የሰዓት ክፍያ የሚሠራው፣ ሰዓት ቆጣሪው የባለሙያውን ስክሪን በየመሀሉ ፎቶ እያነሳ ለደንበኛው ስለሚያሳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊት ለፊት በምንሠራው ሥራ ግን ያ ምስክር የለም፤ ሰዓት የእምነት ጉዳይ ይሆናል። እምነት ደግሞ ገና ለማይታወቅ ጀማሪ በመጀመሪያው ሥራ አይሰጥም።

ለጀማሪው ለራሱም ቢሆን ሰዓት ጎጂ ነው። ልምድ ያለው በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ በአምስት ሰዓት ይጨርሳል፤ የሦስቱ ሰዓት ልዩነት የመማሪያው ነውና ደንበኛው ሊከፍልበት አይገባም። ሲፈጥን ደግሞ ገቢው ይቀንሳል። በሰዓት የሚያስከፍል ሰው በሙያው በተሻለ ቁጥር ለአንድ ሥራ የሚያገኘው ብር እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ 400 ብሩ ከየት መጣ? ከጎረቤት ዋጋ ሳይሆን ከራሷ ወጪ ነው ያወጣችው። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ቤት ኪራይና ቀለብን ጨምሮ ለኑሮ በወር 24,000 ብር ያስፈልጋታል። ኮምፒዩተሯን በ72,000 ብር ገዝታ ሦስት ዓመት እንዲያገለግላት ታስባለችና በወር 2,000 ብር ታስቀምጣለች። ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርትና ለናሙና ሕትመት 4,000 ብር ይወጣል። ድምሩ 30,000 ብር ነው። በወር 25 ቀን ብትሠራም በቀን ክፍያ የሚያስገኝላት ሥራ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረው ቀን ደንበኛ በማነጋገር፣ ማተሚያ ቤት በመመላለስና ብር በማስከፈል ያልቃል። 30,000 ለ75 ሰዓት ሲካፈል 400 ይመጣል። ብዙ ጀማሪዎች ወሩን በስምንት ሰዓት ቀን አካፍለው 150 ብር ያገኛሉ፤ ከዚያ ሥራ እየበዛላቸው ለምን ብር እንደሚያጥራቸው ይገርማቸዋል።

ቀጥሎ ሜኑውን በየደረጃው ፈታችው። ባለቤቱን ማነጋገር ሁለት ሰዓት፣ ጽሑፉን መተየብ ሦስት፣ የገጹ አቀማመጥ አምስት፣ 12 የምግብ ፎቶ ማጽዳት አራት፣ ሁለት ዙር እርማት አራት፣ ለሕትመት ማዘጋጀትና ናሙና ማየት ሁለት፤ ጠቅላላው 20 ሰዓት ሆነ። ጀማሪ ሁልጊዜ አሳንሶ ስለሚገምት ሩቡን ጨምሪበት አልኳት። 25 ሰዓት በ400 ሲባዛ 10,000 ብር። ለባለቤቱ የነገረችው ይህን አንድ ቁጥር ነው።

ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ወረቀት ላይ ቢሰፍር ወጥመድ ነው። በጥቅል ዋጋ ሥራ የሚያከስረው የዋጋው ማነስ ሳይሆን የእርማቱ አለማለቅ ነው። ስለዚህ ከዋጋው ሥር አራት ነገር ጻፈች፦ ስምንት ገጽና 12 ፎቶ፤ ሁለት ዙር እርማት፤ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት 400 ብር፤ ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ናሙናው ጸድቆ የሕትመት ፋይሉ ከመሰጠቱ በፊት። የሕትመት ፋይሉ ምን እንደሆነም ገለጸች፦ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ያለው፣ ማተሚያ ቤቱ የአማርኛ ፊደሉ ባይኖረው እንዳይበላሽ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ የተቀየሩበት ፒዲኤፍ።

ሥራው ሲጀመር ግምቱ ተናጋ። የምግቦቹ ዝርዝር የመጣው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ነበርና ስትከፍተው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነ፤ እንደገና መተየቡ አምስት ሰዓት ወሰደ። ፎቶዎቹም በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ በመላካቸው አንሰው ደረሱና እንደገና እስኪላኩ አቀማመጡ አንድ ሰዓት ጨመረ። ሁሉም ተደምሮ 23 ሰዓት ሆነ፤ የተጨመረው ሩብ ቻለው። ከሁለተኛው እርማት በኋላ ባለቤቱ የምግቦቹን ዋጋ ቀየረ፤ የጾም ምግብ ገጽም ይጨመር አለ። ይህ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ተጽፎ ስለነበር 1,200 ብር ያለ ጭቅጭቅ ተከፈለ። ያ መስመር ባይኖር፣ ሜኑው እስከ 40 ሰዓት ተጎትቶ ቢሆን፣ ሰዓቷ ወደ 250 ብር ይወርድ ነበር። በአንጻሩ ቀጣዩን ተመሳሳይ ሜኑ በ15 ሰዓት ብትጨርሰው ያው 10,000 ብር በሰዓት ከ660 ብር በላይ ይሆንላታል። የፍጥነቷ ትርፍ የሷ ነው።

ለደንበኛው ሰዓት የሚነገረው መቼ ነው? እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደማስረክብ አስቀድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻልኩ ጥቅል ዋጋ እሰጣለሁ፤ ካልቻልኩ በሰዓት። ሌላ ሰው የጀመረውን የተበላሸ ፋይል ማስተካከል፣ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ የድሮ ጽሑፍ መለወጥ፣ «እየመጣን አብረን እናየዋለን» የሚባል ሥራ በሰዓት ይሻላል። በሰዓት ስትሠሩም ጣሪያ አብጁለት፦ «ከ10 ሰዓት አይበልጥም፤ ስምንተኛው ላይ ስደርስ እደውላለሁ» በሉ። ደንበኛ የሚፈራው ሰዓቱን ሳይሆን መጨረሻው አለመታወቁን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰዓታችሁን ከመዘገባችሁ ብቻ ነው። በጥቅል ዋጋ የተያዘውንም ሥራ በየደረጃው ስንት ሰዓት እንደወሰደ ደብተር ላይ አስፍሩ፤ ደንበኛው ሊያየው አይገባም። የምግብ ዝርዝር መተየብና ፎቶ ማጽዳት በእናንተ እጅ ስንት እንደሚፈጅ ከራሳችሁ መዝገብ በቀር የሚነግራችሁ የለም። ለሚቀጥለው ሥራ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ያለፈውን ገጽ ክፈቱ።