በፋሲካ ማን ይውጣ?

ነሐሴ ሲጋመስ በአንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የጓሮ በር ላይ፣ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ከሚፈርሙበት መዝገብ አጠገብ፣ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ እንበል፦

«ለሠራተኞች በሙሉ። ጉዳዩ፦ የ2019 ዓ.ም. የዓመት ፈቃድ ምርጫን ይመለከታል። እስካሁን ፈቃድ የምንሰጠው ቀድሞ ለጠየቀ ነበር። ከአሁን ጀምሮ ግን በተራ ይሆናል። ነሐሴ 20 ቀን ሁላችንም ባለንበት ዕጣ ይወጣል፤ ሁሉም በዕጣው ቅደም ተከተል ቀኑን ይመርጣል። በአንድ የበዓል ሰሞን ከሁለት ሰው በላይ አይወጣም፤ ሁለቱ ካሸሮችም በአንድ ጊዜ አይወጡም። አንድ ሰው በዓመት ከአንድ የበዓል ሰሞን በላይ አይወስድም። በበዓል ሰሞን የወጣ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው በዓል ከተራው መጨረሻ ይሰለፋል። ያልወጣ ወደ ፊት ይጠጋል። ሥራ አስኪያጅ።»

ወረቀቱን ያነበበ ሠራተኛ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዕጣው ላይ ነው። ዕጣ ግን የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማን ቤቱ ሆኖ እንደሚፈስክ የሚወስኑት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሥራ አስኪያጆች «ተራ ይዞራል» ብለው ያቆማሉ። ተራው የሚዞረው በስም ነው ወይስ በተወሰደው ቀን? ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ደግሞ ኩርፊያው ተጀምሯል።

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርለታል። የፈቃዱን ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው ነው። ሲያወጣ ግን በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን ሥራ አብሮ ማየት አለበት። ተራ ማዞር እዚህ ላይ ነው የሚገባው፤ አሠሪው ሥልጣኑን እንደያዘ የሠራተኛውን ፍላጎት የሚያይበት መንገድ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው «እስከዚህ ቀን ያልመረጠ ፈቃዱ ይቃጠላል» ሊል አይችልም። የዓመት ፈቃድን መተው በስምምነት እንኳ አይጸናም፤ በሥራ ምክንያት ቢራዘምም ከሁለት ዓመት በላይ አይሄድም። ያልመረጠ ሰው ከቀሩት ቀናት ይመደብለታል እንጂ ከፈቃዱ አይጎድልበትም።

አሁን ወደ በዓላቱ። የከተማ ሱቅ በጣም የሚጨናነቀው ሠራተኛው በጣም መሄድ በሚፈልግበት ሰሞን ነው። ጾም ሊፈታ ሲል ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ በዚያው ሳምንት ካሸሯ አገር ቤት ከእናቷ ጋር መፈሰክ ትፈልጋለች። ሁሉም ሰው ግን አንድ በዓል አይፈልግም፤ ይህ ለሥራ አስኪያጁ ትልቅ እፎይታ ነው። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ዓመቱ የተበላሸ ያህል ይሰማዋል። ለሙስሊሟ ባልደረባ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው አረፋ ሊሆን ይችላል። ገናና ጥምቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚውሉ በአንድ ፈቃድ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። በ2019 ዓ.ም. ከታኅሣሥ 28 እስከ ጥር 12 የወጣ ሰው 15 ቀን ቤቱ ይቆያል። የዕረፍት ቀኑ እሑድ ከሆነ ሁለቱ እሑዶችና ሁለቱ በዓላት ከፈቃዱ አይቆጠሩም፤ የሚቀነስበት 11 ቀን ብቻ ነው፣ 5 ይተርፈዋል። ይህን ሒሳብ የሚያውቅ ሠራተኛ በፋሲካ ላይ ከመጋፋት ይልቅ ወደ ገና ዞር ሊል ይችላል። ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ ቢጻፍ ደግ ነበር።

የሱቁ ሠራተኞች ስድስት ናቸው እንበል፤ ዕጣውም እንዲህ ወጣ። አንደኛ ነባሯ ካሸር፣ ሁለተኛ የኮስሞቲክስ ሻጯ፣ ሦስተኛ አዲሷ ካሸር፣ አራተኛ የመጋዘን ሠራተኛው፣ አምስተኛ የአትክልት ሻጯ፣ ስድስተኛ የልብስ ሳሙናና የቤት ዕቃ ሻጩ። ነባሯ ካሸር ፋሲካን ወሰደች። ፋሲካ በ2019 ሚያዝያ 24 ነው የሚውለው። የኮስሞቲክስ ሻጯም ፋሲካን መረጠች፤ ሁለቱ ቦታ ሞላ። አዲሷ ካሸር የምትፈልገው ፋሲካን ነበር፤ አልሆነላትምና ገናና ጥምቀትን ያዘች። የመጋዘን ሠራተኛው ጉራጌ ነው፤ መስቀልን መረጠ። የአትክልት ሻጯ አረፋን ያዘች። የመጨረሻው ሻጭ ፋሲካን አጥቶ የገናን ሁለተኛ ቦታ ወሰደ።

በሁለተኛው ዓመት ብዙ ሱቅ የሚያደርገው አንደኛውን ወደ መጨረሻ ልኮ ሌላውን አንድ አንድ እርምጃ ማሳደግ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። ውጤቱን እንየው። ነባሯ ካሸር ስድስተኛ ትሆናለች፣ የኮስሞቲክስ ሻጯ አንደኛ ትሆናለች። አምና በፋሲካ ቤቷ የነበረችው ሻጭ ዘንድሮም ቀድማ ፋሲካን ትመርጣለች፤ ሁለተኛውን ቦታ አዲሷ ካሸር ትይዛለች። አምና ፋሲካን ያጣው የቤት ዕቃ ሻጭ ዘንድሮም አምስተኛ ነውና እንደገና ያጣል። አንዷ በተከታታይ ሁለት ፋሲካ፣ ሌላው ባዶ። ማንም አላጭበረበረም፤ ተራው ራሱ ነው እንዲህ ያደረገው። ችግሩ የፋሲካ ቦታ ሁለት ሆኖ ሳለ ወደ መጨረሻ የተላከው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

በማስታወቂያው ደንብ ግን ወደ መጨረሻ የሚሄዱት ፋሲካን የወሰዱት ሁለቱም ናቸው። ነገሩ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰላል፤ የደረሰው ዕቁቡን ከበላ በኋላ ሌሎቹ እስኪዳረሱ ይጠብቃል። የ2020 የፋሲካ ተራ እንግዲህ አዲሷ ካሸር፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ የአትክልት ሻጯ፣ የቤት ዕቃ ሻጩ፣ ከዚያ ነባሯ ካሸርና የኮስሞቲክስ ሻጯ ይሆናል። አዲሷ ካሸር ፋሲካን ትወስዳለች። የመጋዘን ሠራተኛውና የአትክልት ሻጯ መስቀልንና አረፋን ስለሚመርጡ ያልፉታል፤ ሁለተኛው ቦታ ለቤት ዕቃ ሻጩ ይደርሳል። በ2021 እነዚህ ሁለቱ ወደ መጨረሻ ይሄዱና ነባሯ ካሸርና የኮስሞቲክስ ሻጯ ይመለሳሉ። ፋሲካን የሚፈልጉት አራቱም በየሁለት ዓመቱ አንዴ ያገኛሉ።

ይህ እንዲሠራ ለእያንዳንዱ በዓል የራሱ ተራ ያስፈልጋል። ለመስቀል አንድ ዝርዝር፣ ለገናና ጥምቀት አንድ፣ ለፋሲካ አንድ፣ ለአረፋ አንድ። የመጋዘን ሠራተኛው መስቀልን በወሰደ ቁጥር በመስቀል ዝርዝር ወደ መጨረሻ ይወርዳል፤ ሌላ የሚፈልገው ከሌለ ግን መጨረሻም ሆኖ በየዓመቱ ያገኘዋል፣ በፋሲካ ዝርዝር ያለው ቦታም አይነካበትም። ስም ሁሉ በአንድ ዝርዝር ከታጨቀ መስቀልን በመውሰዱ ፋሲካውን ይቀጣል። ለምን? ፋሲካን ማንም ላይ አልወሰደም። ለአረፋ ደግሞ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰንና በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ ቀን ሳይሆን ሳምንት ተይዞ ከፊትና ከኋላ አንድ ሁለት ቀን መተው ይሻላል።

የካሸሮቹ ነገር ትንሽ ይከብዳል። ዕጣው ሁለቱን ካሸሮች አንደኛና ሁለተኛ ቢያደርጋቸው ሁለተኛዋ ፋሲካን ልትወስድ አትችልም፤ ገንዘብ የሚቀበል ይጠፋልና። የከለከላት ሥራው እንጂ ተራዋ አይደለም። ስለዚህ ቦታዋን ይዛ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ መሆን አለባት፤ ይህም ማስታወቂያው ላይ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሥራ አስኪያጁ የተሻለ መንገድ ከፈለገ በቂ ጊዜ እያለ ከሻጮቹ አንዱን የካሸር ሥራ ያለማምድ። ያኔ ክልከላው ራሱ ይነሳል።

መለዋወጥስ? ሁለት ባልደረቦች ቀን ሊለዋወጡ ቢስማሙ ምንም ክፋት የለውም፤ ግን ወረቀት ላይ ይፈረም፣ ወደ መጨረሻ የሚወርደውም በበዓሉ ቤቱ የነበረው ሰው ይሁን። ይህ ካልተባለ ተራ መሸጥ ይጀመራል፤ ፋሲካን የማይፈልግ ሰው መጀመሪያ ይመርጥና ለወዳጁ ያስተላልፍለታል፣ ወዳጁም ሳይሰለፍ በየዓመቱ ይወጣል። እግረ መንገዴን ለቅሶና ሠርግን ላንሳ። ቤተሰብ የሞተበት ወይም ራሱ ያገባ ሠራተኛ በአዋጁ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ለብቻው አለው፤ ከዓመት ፈቃዱም ከተራውም አይነካም።

ምርጫውን የሚያጓትተው ብዙ ጊዜ አንደኛው ነው። ቤተሰቡን ሊጠይቅ፣ ገንዘቡን ሊያይ ሲል ሳምንት ያልፋል፤ ከሥሩ ያሉት አምስቱ ይቆማሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት የሥራ ቀን ይሰጠው። ካልመረጠ ቀጣዩ ይመርጣል፤ እሱም በወሰነ ሰዓት ከተረፈው ይወስዳል። በዚህ ፍጥነት ስድስት ሰው በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ነሐሴ 20 የተጀመረው ምርጫ ለመስቀል በቂ ጊዜ ሲቀረው ይጠናቀቃል። ለመስቀል አገሩ የሚሄድ ሰው ትኬቱን አስቀድሞ መያዝ ስላለበት የመስቀል ምርጫ ከሁሉ ቢቀድም ደግሞ የበለጠ ነው።

ሱቁ በበዓሉ ዕለት ክፍት ከሆነ የቀሩት አራቱ የሚሠሩባት እያንዳንዷ ሰዓት በአዋጁ ከሁለት እጥፍ ባላነሰ ትከፈላለች። አንዳንዱ ሠራተኛ ይህን አስቦ በዓሉን ሆን ብሎ ሱቅ ያሳልፋል፤ ቦታውን ስላልተጠቀመበት ግን በተራው ፊት እንደሆነ ይቆያል።

አሠራሩ እየሠራ ስለመሆኑ ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው። በግራ ስሞች፣ ከላይ በዓላት፣ በመሐል ዓመተ ምሕረት። ሌላ ፈላጊ እያለ በፋሲካ ዓምድ ሥር የአንድ ሰው ስም በተከታታይ ሁለት ዓመት ከታየ ደንቡ የሆነ ቦታ አልተጠበቀም ማለት ነው። የበዓሉ ዋዜማ ላይ የሕመም ፈቃድ ከበዛ ደግሞ ሰው ተራውን ማመን ትቷል። ሠንጠረዡ ከሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ወጥቶ ከፊርማው መዝገብ አጠገብ ይለጠፍ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም ስሙ በየዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በእስክሪብቶ ይታከልበት።