መቀስ የሚመስለው ጥላ፦ ኬራቶኮነስ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታከም

ኬራቶኮነስ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሲሄድና ቅርጹን መያዝ ሲያቅተው ወደ ፊት እየሾጠጠ የሚመጣበት ሕመም ነው። ስሙ ቀንድና ሾጣጣ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ሕመሙን በዝርዝር ጽፎ ያሳወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኖቲንግሃም በ1854 እ.ኤ.አ. ነበር። ጤናማ ኮርኒያ በመካከሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ በሐኪሞች አነጋገር 540 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራል፤ አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል፣ ለዓመታት ይገፋል፣ ከአርባ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ጀምሮ ግን በብዙዎች ላይ ይበርዳል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መደባለቅ መታረም ይኖርበታል። በአማርኛ ስለ ዓይን ልገሳ ሲነገር ኮርኒያን «የዓይን ብሌን» ማለት ተለምዷል፤ ነገር ግን ብሌን በጥንታዊ አገባቡ በዓይን መካከል የሚታየው ጥቁር ክፍል፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ኮርኒያ ከዚያ ቀዳዳ ፊት የተደፋ፣ ከጥራቱ የተነሣ በራሱ የማይታይ ክዳን ነው። ይህን ያልለየ ታማሚ «ብሌንህ ሳስቷል» ሲባል የሚታየው ጥቁሩ ክፍል የተበላሸ ይመስለዋል፣ በመስታወት ሲመለከትም ምንም ለውጥ ስለማያገኝ የሐኪሙን ቃል ይጠራጠራል።

የኮርኒያ ጥንካሬ የሚመጣው ኮላጅን ከሚባሉ ጥቃቅን ክሮች ነው። ክሮቹ እንደ ሸማ ድርና ማግ ተነባብረው የተዘረጉና እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሲሆኑ፣ በኬራቶኮነስ ይህ መያያዝ ይላላል፤ ክሮቹ ይንሸራተታሉ፣ የላላውም ቦታ ይሳሳል። የሚሳሳው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከመካከል ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ጆሮ ግንድ በኩል ነው። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ድርሻ እንዳለው ይታመናል፤ ነገር ግን በቤተሰብና በትምህርት ቤት ደረጃ መግታት የሚቻለው ነገር ዓይንን ማሸት ነው። በጣት መገጣጠሚያ እየተጫኑ በየዕለቱ ዓይንን የሚያሹ ልጆች የላላውን ሽመና ራሳቸው ይበልጥ ያላሉታል።

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቦታዎች ይህ ጉዳይ የራሱ መልክ አለው። አካባቢው ለረጅም ዘመን በትራኮማ የተጠቃ በመሆኑ፣ ቀልቶ የሚያሳክክ ዓይን ሁሉ ማዝ ነው የሚል ግምት ሥር ሰድዷል። ከዚህ የተነሣ በየዓመቱ የሚያገረሽ የዓይን አለርጂ ያለበት ልጅ ለትራኮማ የሚሰጠውን የቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ ተሕዋሲያንን እንጂ የአለርጂን ማሳከክ ስለማያስታግስ ልጁ ማሸቱን ይቀጥላል። ሌሎች ደግሞ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ለወራት ይጠቀማሉ። ጠብታው ማሳከኩን በፍጥነት ያስታግሳል፤ ነገር ግን ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይንን ግፊት ከፍ በማድረግ የማይመለስ የዕይታ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ይህ ልማድ በጥብቅ ሊተው የሚገባው ነው። ልጅን «ዓይንህን አትሽ» ብሎ መቆጣት ብቻውንም አያዋጣም፤ ማሳከኩ በትክክለኛ የአለርጂ ጠብታ ካልታከመ እጁ በእንቅልፉ ውስጥ እንኳ ወደ ዓይኑ መሄዱ አይቀርም።

ሕመሙን ለማግኘት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ከሁሉም በላይ ጉዳት ያደርሳል። ውድ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለመለካትና ለማረጋገጥ ነው፤ ለመጠርጠር ግን ሬቲኖስኮፕ ይበቃል። ሬቲኖስኮፕ በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራ፣ መነጽር ለማዘዝ በየዓይን ክፍሉ የሚገኝ መሣሪያ ነው። መርማሪው ክፍሉን አጨልሞ ቀጭን የብርሃን ዘንግ ወደ ታካሚው ዓይን ይልካል፤ ብርሃኑ ከዓይኑ ጀርባ ተመልሶ በብሌኑ ውስጥ እንደ ብርቱካናማ ፍም ይታያል። መርማሪው መሣሪያውን ቀስ ብሎ ሲያዘነብለው ፍሙም ይንቀሳቀሳል፤ በጤናማ ዓይን ወይም ተራ የመነጽር ችግር ባለበት ዓይን ፍሙ ሁሉ በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ትክክለኛው መነጽር ከፊቱ ሲደረግም እንቅስቃሴው ይቆማል።

በኬራቶኮነስ የተያዘ ዓይን ግን ሁለት ዓይነት ጉብታ አለው። የሾጠጠው ክፍል ብርሃኑን በኃይል ይሰብራል፣ ለጥ ያለው ክፍል ደግሞ በጥቂቱ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ መሣሪያው ሲያዘነብል የፍሙ አንዱ ግማሽ ወደ ላይ፣ ሌላው ግማሽ ወደ ታች ይሄዳል። ሁለቱ የብርሃን ዘርፎች መካከል ላይ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገናም ይገናኛሉ፤ ይህ እንቅስቃሴ የመቀስ ስለት መከፈትና መዘጋትን ስለሚመስል የመቀስ ጥላ ይባላል። የመቀስ ጥላ ዋጋ የሚታወቀው የዓይኑ ፊት በውጭ ሲታይ ፍጹም ጤነኛ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ታማሚው ወደ ታች ሲመለከት የታችኛው የዓይን ቆብ በሾጣጣው ተገፍቶ ማዕዘን ሲሠራ ማየት ለማንም ቀላል ነው፤ ይህ ምልክት ግን የሚመጣው ሕመሙ ብዙ ከገፋ በኋላ ስለሆነ እርሱን መጠበቅ ጊዜውን ማባከን ነው። ሆኖም በጠብታ እጅግ የተስፋፋ ብሌን ወይም መርማሪው ከመስመር ወጥቶ በጎን ሲመለከት ተመሳሳይ ጥላ ሊታይ ስለሚችል፣ ብሌኑ በተፈጥሮ መጠኑ ሳለ በትክክለኛው መስመር ላይ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በደብረ ታቦር የሚማር የ14 ዓመት ልጅ ለምሳሌ ይታሰብ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መነጽር ተቀይሮለታል፤ አስቲግማቲዝሙ፣ ማለትም የኮርኒያው ጉብታ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው መብለጡ፣ ከ1.50 ወደ 3.75 ዳዮፕተር ከፍ ብሏል። አዲሱን መነጽር አድርጎም የሚያነበው እስከ 6/18 ብቻ ነው፤ ይህም ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን እርሱ ከ6 ሜትር ይመለከተዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ካርቶን እንዲያይ ሲደረግ እስከ 6/9 ያነባል። ይህ ትንሽ ፈተና ብዙ ይናገራል፤ ቀዳዳው የተዛባውን ብርሃን ከልክሎ በአንድ ጠባብ ቦታ የሚገባውን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ዕይታው ሲሻሻል ጉድለቱ በዓይኑ ጀርባ ሳይሆን በፊቱ ላይ መሆኑን ያመለክታል። መነጽር ያላረመውን ቀዳዳ ካረመው፣ በሬቲኖስኮፕም የመቀስ ጥላ ከታየ፣ ሌላ መነጽር ማዘዝ ስሕተት ነው፤ ልጁ የኮርኒያ ካርታ ወደሚነሣበት ሆስፒታል መላክ አለበት።

የኮርኒያ ካርታ የሚያነሣው መሣሪያ ሁለት ነገር ይነግራል፦ የጉብታውን ኃይል በዳዮፕተር፣ የውፍረቱን መጠን በማይክሮን። ብዙ ጤናማ ኮርኒያዎች በ43 እና በ44 ዳዮፕተር አካባቢ ናቸው። የምሳሌው ልጅ ቀኝ ዓይን በሾጠጠው ቦታ 52 ዳዮፕተር፣ በቀጭኑ ቦታ 462 ማይክሮን ሆኖ ቢገኝ ሕመሙ የተረጋገጠ ነው፤ የግራው ዓይን ገና ጥሩ ቢያይም ካርታው ሊነሣ ይገባል፣ ሕመሙ በብዙዎች ሁለቱንም ዓይን የሚይዝ፣ ነገር ግን በእኩል ፍጥነት የማይሄድ ነውና።

ሕመሙን የሚያቆመው ሕክምና ክሮስ ሊንኪንግ ይባላል፤ የላሉትን ክሮች እንደገና ማስተሳሰር ማለት ነው። በጀርመን ድሬስደን ከተማ ቴኦ ዛይለር፣ ኤበርሃርድ ሽፐርልና ግሬጎር ቮለንሳክ ያዳበሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው የታካሚዎች ውጤት በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ። በመደበኛው አሠራር ዓይኑ በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው ላይኛ ስስ ቆዳ ተገፍፎ ይነሣል፤ ራይቦፍላቪን የሚባል ቢጫ የቫይታሚን ቢ 2 ጠብታ ለ30 ደቂቃ ይንጠባጠባል፤ ከዚያም የተመጠነ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ለሌላ 30 ደቂቃ ያርፍበታል። ብርሃኑና ቫይታሚኑ ሲገናኙ በክሮቹ መካከል አዲስ ማሰሪያ ይፈጠራል። ቫይታሚኑ ከማስተሳሰሩ በተጨማሪ ብርሃኑን ውጦ ከኮርኒያው በስተኋላ ያሉትን የማይተኩ ሴሎች ይጠብቃል፤ ይህ ጥበቃ እንዲበቃ ቆዳው ከተነሣ በኋላ ቢያንስ 400 ማይክሮን መቅረት አለበት።

የምሳሌው ልጅ 462 ማይክሮን ነበረው፤ የሚነሣው ቆዳ 50 ያህል ስለሆነ 412 ይቀራል፣ ይህም ድንበሩን ገና ያለፈ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ የራይቦፍላቪን ውሕድ በንጠባው ጊዜ ኮርኒያውን ስለሚያሳሳው፣ ብርሃኑ ከመብራቱ በፊት እንደገና መለካት ግድ ይላል፤ ከ400 ዝቅ ካለ ኮርኒያውን ለጊዜው የሚያሳብጥ ሌላ ውሕድ ይጨመራል። አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ ይህ በር ሳይጠብብ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ በልጆች ላይ ብዙ ሐኪሞች ሕመሙ መግፋቱን ለማየት ረጅም ጊዜ አይጠብቁም።

ከሕክምናው በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ብርቱ ሕመም ይኖራል፤ ቆዳው እስኪበቅል መከላከያ ሌንስ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕይታው ከቀድሞው ይልቅ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ መቅላት፣ ሕመምና ነጭ ነጥብ ግን የተሕዋሲያን ጥቃት ምልክት ስለሚሆን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ክሮስ ሊንኪንግ የሳሳውን አያወፍርም፣ መነጽርንም አያስቀርም፤ ሥራው ማቆም ነው። የተሳካ መሆኑም የሚታወቀው በወራት ልዩነት የሚነሡ ካርታዎች ሲነጻጸሩ የ52 ቁጥር ባለበት ሲቆይ ወይም ትንሽ ሲቀንስ ነው።

ጥርት ብሎ ማየት የሚመለሰው በልዩ ሌንስ ነው። ጠንካራው ኮንታክት ሌንስ በጎበጠው ኮርኒያ ላይ ሲቀመጥ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እንባ ስለሚሞላው፣ ብርሃኑ ጎርባጣውን ኮርኒያ ሳይሆን ለስላሳውን የሌንስ ገጽ ያገኛል። ስክሌራል የሚባለው ትልቁ ሌንስ ደግሞ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ አርፎ ኮርኒያውን ሳይነካ ከላይ ይከልለዋል፤ ከመደረጉ በፊትም መከላከያ ኬሚካል በሌለው ንጹሕ የጨው ውሕድ ይሞላል። ሌንስ ሾጣጣውን ወደ ኋላ ይገፋል የሚለው ብዙ የሚደመጥ ግምት ግን ስሕተት ነው፤ ሌንስ የሚያርመው ዕይታን እንጂ ሕመሙን አይደለም። በመካከሉ ጠባሳ ላለበት ወይም ሌንስ ለማይቀመጥለት ዓይን የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ይቀራል።

ሌንስ የሚያደርግ ሰው በውኃ ረገድ ጥብቅ ሥርዓት መያዝ አለበት። በቧንቧ፣ በወንዝም ሆነ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጡር ሊኖር ይችላል፤ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ከገባ እጅግ የሚያሳምምና ለማከም ወራት የሚወስድ ቁስል ያመጣል። ስለዚህ ሌንስ በውኃ አይታጠብም፣ በምራቅም አይረጥብም፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይነካል፣ ማታም ሳይወልቅ አይተኛበትም። ወደ ጠበል ወይም ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄድ ሰው ሌንሱን ቤቱ አውልቆ በመያዣው ውሕድ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ተመልሶም ፊቱ ደርቆ ዓይኑ ካልቀላ ብቻ መልሶ ማድረግ ይገባዋል።