ጫፍና ጫፉ አንድ ቁጥር ሲሆን

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ መሣሪያ፣ ሰው መታወቂያ ካርዱን ባስነካ ቁጥር ደቂቃዋን ይመዘግባል እንበል። ቦታው ውስን ስለሆነ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ለምሳሌ ያህል 9 ቦታ ብቻ ቢኖረው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተመዘገቡት ደቂቃዎች እንዲህ ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ፦ 40 40 40 43 31 31 31 36 36።

ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳሉ፤ ግን ሰልፉ የሚጀምረው ከመሃል ነው። የመጨረሻው መዝገብ 43 ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 31 ደግሞ ከሁሉም የቆየው። ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበትን ይህን ቦታ ስፌት እንበለው።

በ36ኛው ደቂቃ የገባ ሰው አለ? ፕሮግራመሮች ባይነሪ ሰርች የሚሉት ዘዴ መሃሉን ብቻ አይቶ ግማሹን ይጥላል። እዚህ መሃሉ 31 ነው። ከመጀመሪያው 40 ስላነሰ ስፌቱ በስተግራ እንዳለ እናውቃለን፤ ስለዚህ በስተቀኝ ያለው ከ31 እስከ 36 ሳይዛነፍ ይሄዳል ማለት ነው። የምንፈልገው 36 በዚያ ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ግራው በሙሉ ይጣላል። ቀጥሎ ከቀሩት 4 ቦታዎች መሃል ስናይ ሌላ 31 ይገጥመናል፣ አሁንም ወደ ቀኝ እንሄዳለን፤ በሦስተኛው 36 ተገኘ። ከ9ኙ ቁጥሮች 8ቱ የተደጋገሙ ናቸው፣ ፍለጋው ግን ቅንጣት አልተቸገረም።

ይህን የምለው ብዙ ማብራሪያ ችግሩን በድፍኑ «ድግግሞሽ» ስለሚለው ነው። መደጋገም ብቻውን ምንም አያበላሽም። የሚያበላሸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቦታ አንድ ቁጥር ሲይዙ ነው። በእኛ መሣሪያ ደግሞ ይህ ሩቅ አይደለም፦ ዘጠነኛውን ቦታ የሞላው ሰውና ተመልሶ የመጀመሪያውን የያዘው ሰው ተከታትለው የገቡ ናቸው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

ጠዋት በ40ኛው ደቂቃ ሕዝቡ ተግተልትሎ ገባ፣ በ42ኛው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። መዝገቡ ከሁለቱ አንዱን ሊመስል ይችላል፦

40 42 40 40 40 40 40 40 40

40 40 40 40 40 40 40 42 40

42ን ፈልግ። በሁለቱም ላይ መጀመሪያው 40፣ መሃሉ 40፣ መጨረሻው 40 ነው። ስፌቱ በግራ ይሁን በቀኝ የሚናገር ምልክት የለም። የተለመደው ፕሮግራም መጀመሪያው ከመሃሉ ካልበለጠ ግራው የተስተካከለ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ ግራውን ጥሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሁለተኛው 42ን ያገኛል። በመጀመሪያው ግን «የለም» ብሎ ይመለሳል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያጋልጠው እንደነዚህ ያሉትን ሁለት ረድፎች ሆን ብሎ መሞከር ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው፤ ፍለጋው ሳይጀመር ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰሉትን ከቀኝ ጫፍ መቀንጠብ፦

```python
while lo < hi and a[lo] == a[hi]:
    hi -= 1
```

የተቀነጠበው ሁሉ 40 ነው፣ አንድ 40 ደግሞ በመጀመሪያው ቦታ ተቀምጦልናል፤ ስለዚህ «አለ ወይስ የለም?» ለሚለው ጥያቄ የጠፋ ነገር የለም። ከመጀመሪያው ረድፍ 40 42 ብቻ ይቀራል፣ ከሁለተኛው አንድ ቁጥር ብቻ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የተለመደው ፍለጋ አይሳሳትም፤ ጫፎቹ አንዴ ከተለያዩ ስፌቱን በያዘው ክፍል ውስጥ ከስፌቱ በስተግራ ያሉት ሁሉ በስተቀኝ ካሉት ይበልጣሉና፣ ግራ መጋባቱ አይመለስም። መሃሉ ከሁለቱም ጫፍ ጋር እኩል በሆነ ቁጥር ጫፎቹን አንድ አንድ መቀነስም ይሠራል፤ ለእኔ ግን አንዴ ጠርጎ መጨረሱ ግልጽ ነው።

ዋጋው ግን አለ። አንድ ሚሊዮን ቦታ ቢኖርና ጫፎቹ ቢለያዩ 20 ጊዜ ያህል ማየት ይበቃል። ሁሉም 40 ሆኖ አንድ 42 ብቻ ከተደበቀ ግን ቅንጠባው ወደ ሚሊዮን ሊጠጋ ይችላል። ብልህ ዘዴ ቢፈለግም አይገኝም፦ ከፍተን ያየነው እያንዳንዱ 40 ስለ ራሱ ቦታ እንጂ ስለ ሌሎቹ አይነግረንም፤ 42 ካልታዩት በየትኛውም ሊሆን ይችላል። ሊትኮድ ላይ ቁጥር 33 እና ቁጥር 81 የሆኑት ጥያቄዎች የሚለያዩት በዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ድግግሞሽ የለውም፣ ሁለተኛው አለው።

ጥያቄው «በ40ኛው ደቂቃ መጀመሪያ የገባው ማነው?» ከሆነ ቅንጠባው አይሆንም፤ ከቀኝ ጫፍ የጣልናቸው 40ዎች በግራ ካሉት ቀድመው የገቡት ናቸውና። መሣሪያውን የሚሠራው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ሊድን ይችላል። ቀጥሎ የሚጻፍበትን ቦታ መሣሪያው ያውቀዋል፤ ረድፉ ከሞላ በኋላ የቆየው መዝገብ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ይህቺን አንድ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ካስቀመጠ ስፌቱን መፈለግ አያስፈልግም፦ `a[(start + i) % n]` ብሎ ከቆየው ጀምሮ በተራ ማንበብ ይችላል፣ የቱንም ያህል ቢደጋገም ተራው ባይነሪ ሰርች ይሠራል።